በሬቪት ቀጥ ያለ ደረጃ መሳል፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መርገጫ ለምን ይበላሻል?

ፎቅ ስትወጡ የጫማችሁ ጫፍ የመጨረሻውን መርገጫ መትቶት ያውቃል? ስትወርዱስ ወለሉ ከጠበቃችሁት ቀድሞ መጥቶ ጉልበታችሁን ነዝሯችሁ ያውቃል? ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ባሕር ዳር፣ ጂ+2 እና ጂ+3 ሕንፃ ባለበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ ደረጃ አይጠፋም። ሰው ብዙውን ጊዜ አናጢውን ይወቅሳል። ስሕተቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሥዕሉ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ሕንፃው ላይ የመጀመሪያው ያንሳል፣ የመጨረሻው ይረዝማል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልዩነት ነው። አንድ ቀጥ ያለ ደረጃ፣ መሃሉ ላይ ማረፊያ ያለው፣ ሬቪት በተባለው የሕንፃ መሳያ ሶፍትዌር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። ቁጥሮቹን አብረን እናስላ። በአርኪካድ የምትሠሩ ከሆነ የአዝራሮቹ ስም ይለያል እንጂ ስሌቱ ያው ነው።

መጀመሪያ፣ ቢም የሚባለው ምንድን ነው?

ሬቪት የቢም ሶፍትዌር ነው። ቢም ማለት ሕንፃውን በመስመር ሳይሆን በአካል የሚሠራ የሥዕል መንገድ ነው። በኦቶካድ ደረጃ ስትስሉ የምትስሉት መስመር ነው። ፕላኑን ለብቻ፣ ሴክሽኑን ለብቻ ትስላላችሁ። አንዱን ስታርሙ ሌላው አይሰማም። በሬቪት ግን ደረጃው አንድ ነገር ነው። ከየት ወለል ተነሥቶ የት ወለል እንደሚደርስ ያውቃል። ስንት ራይዘር እንዳለው ያውቃል። ፕላኑም፣ ሴክሽኑም፣ የኮንክሪቱ መጠንም የሚወጡት ከዚያው ከአንዱ ነገር ነው።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ አደጋውም እዚሁ። የተሳሳተ ከፍታ ብትነግሩት ስሕተቱን በሁሉም ሥዕል ላይ በንጽሕና ይደግምላችኋል። ሁሉም ሥዕል እርስ በርሱ ስለሚስማማ ማንም አይጠራጠርም።

ሦስት ቃላት ይዘን እንሂድ። ራይዘር የምንለው ከአንድ መርገጫ እስከ ቀጣዩ ያለው ቁመት ነው። መርገጫ እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋው ክፍል ነው። ጥልቀቱ የሚለካው ከአንዱ መርገጫ አፍንጫ፣ ማለትም ከፊት ጠርዙ፣ እስከ ቀጣዩ አፍንጫ ነው። ማረፊያ ደግሞ ሳይቋረጡ በሚወጡ ሁለት የመርገጫ ረድፎች፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ መውጫዎች መካከል ያለው ሰፊ ወለል ነው።

ምሳሌያችን ምን ዓይነት ሕንፃ ነው?

ደብረ ማርቆስ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ጂ+2 እናስብ። ታች ሱቅ፣ ላይ ቢሮ። ቦታው ወደ መንገዱ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ረዥም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ደረጃውን ከጎን ግድግዳ ጋር አስጠግቶ በቀጥታ ማስወጣት የሱቁን ስፋት ያተርፋል። ከታችኛው ወለል እስከ መጀመሪያው ፎቅ ወለል ያለው ከፍታ 3.20 ሜትር ነው። የደረጃው ስፋት 1.20 ሜትር።

3.20 ሜትር ስንል ግን ከምን እስከ ምን? ከሶሌታ እስከ ሶሌታ ነው ወይስ ካለቀው ወለል እስካለቀው ወለል? አንድ የበሰለ ፎርማን ሥዕል ሲቀበል ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ «ኢንጂነር፣ ልኩ ከሶሌታው ነው ወይስ ከማርብሉ?» እኛ እንወስን። 3.20 ሜትር ካለቀው ወለል እስካለቀው ወለል ነው። ለምን እንደወሰንን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ስንት ራይዘር ያስፈልጋል?

ቁመቱን ለራይዘር ማካፈል መሬትን ለወንድማማቾች በገመድ እንደ ማካፈል ነው። ጠቅላላው ልክ ትክክል ከሆነና ድርሻው እኩል ከተቆረጠ ማንም አይጣላም። ጠቅላላው ከተሳሳተ ግን ጉድለቱ ለሁሉም አይዳረስም። መጨረሻ የቆመው ወንድም ላይ ይወድቃል።

የሚመች ደረጃ ለማግኘት አርክቴክቶች የሚጠቀሙበት የቆየ ቀመር አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ነው፦

```
2R + T = 600 እስከ 640 ሚ.ሜ.
```

`R` ራይዘሩ ነው፣ `T` የመርገጫው ጥልቀት። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲራመድ አንድ እርምጃው 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ላይ መውጣት ወደ ፊት ከመሄድ ሁለት እጥፍ ስለሚያደክም ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

አሁን ሬቪትን እንክፈት። `Architecture` ውስጥ `Stair` የሚለውን ጫኑ። ዓይነቱን `Cast-In-Place Stair` አድርጉት፤ በቦታው የሚሞላ ኮንክሪት ማለት ነው። `Edit Type` ውስጥ ገብታችሁ `Maximum Riser Height` ላይ 170፣ `Minimum Tread Depth` ላይ 300፣ `Minimum Run Width` ላይ 1200 ጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። 170 ብላችሁ ስትጽፉ ራይዘሩ 170 ይሆናል ማለት አይደለም። ከዚህ አይበልጥም ማለት ብቻ ነው። ሬቪት 3200ን ለ170 ያካፍልና 18.8 ያገኛል። ራይዘር በነጥብ ስለማይሆን ወደ ላይ አስጠግቶ 19 ያደርገዋል። ከዚያ 3200ን ለ19 አካፍሎ `Actual Riser Height` ላይ 168.4 ያሳያችኋል። ይህን ቁጥር በእጅ መቀየር አይቻልም። የማካፈል ውጤት ነውና።

168.4 ኮምፒውተሩ ላይ ችግር የለበትም። ቀመሩም ይቀበለዋል፤ 2 × 168.4 + 300 ሲደመር 637 ነው። ሳይት ላይ ግን በሜትር 168.4 የሚያሰምር አናጢ የለም፤ 17 ሳንቲ ሜትር ብሎ ያስጠጋዋል። 18 ራይዘር በ17 ሲሠራ 3.06 ሜትር ይሆናል። ለመጨረሻው የሚተርፈው 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሌሎቹ 3 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ `Desired Number of Risers` ላይ 20 ብለን እንጽፋለን። 3200 ለ20 ልክ 160 ነው። 2 × 160 + 300 ሲደመር 620፣ የቀመሩ መሃል ላይ። 20 ደግሞ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ 10 ራይዘር ከማረፊያው በታች፣ 10 ከማረፊያው በላይ። አናጢውም 16 ሳንቲ ሜትር አሰምሮ ይቆርጣል። እኔ ሁልጊዜም ሳይት ላይ በሜትር ሊሰመር የሚችል ቁጥር እመርጣለሁ። አንድ ተጨማሪ ራይዘር የሚበላው ቦታ ከተስተካከለ ደረጃ አይበልጥም።

የሚበላው ቦታ ስንት ነው? 10 ራይዘር ያለው መውጫ መርገጫው 9 ነው። አሥረኛውን ስትወጡ የምትረግጡት ማረፊያውን ስለሆነ። ርዝመቱ 9 × 30፣ ማለትም 2.70 ሜትር። ሁለቱ መውጫዎች 5.40፣ ማረፊያው 1.20፣ ድምሩ 6.60 ሜትር። ይህን ቁጥር ሥዕል ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት ብታወጡት ጥሩ ነው። ቦታው 6.60 ካልበቃ ያን ጊዜ 19 ራይዘር በ28 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ማሰብ ትችላላችሁ። ርዝመቱ ወደ 5.96 ሜትር ይወርዳል፣ ግን ሁለቱ መውጫዎች 10 እና 9 ይሆናሉ። 168.4ንም ለአናጢው እንዴት እንደምትሰጡት ማሰብ አለባችሁ።

መስመሩን እንዴት ነው የምንስለው?

`Base Level` ታችኛው ወለል፣ `Top Level` የመጀመሪያው ፎቅ መሆናቸውን አረጋግጡ። `Run` ውስጥ ቀጥታውን ምረጡ። ከላይ ባለው አሞሌ ላይ `Location Line` የሚል አለ። ደረጃው ግድግዳ ላይ ስለሚጠጋ `Run: Left` ወይም `Run: Right` አድርጉት፤ እንደምትወጡበት አቅጣጫ። መስመሩ መሃል ከሆነ ግማሹን ስፋት በእጅ ማስላት ይመጣል። `Automatic Landing` ምልክት ይደረግበት።

የልስኑን ውፍረትም አትርሱ። መስመሩን ከብሎኬቱ ሳይሆን ከልስኑ ፊት አስነሡት። ያለበለዚያ ደረጃው ልስኑ ውስጥ ገብቶ ይሳላል፤ 1.20 ያላችሁት ስፋትም ሳይት ላይ ይጠባል።

መነሻውን ጫኑና ወደ ፊት ሂዱ። ስንት ራይዘር እንደተፈጠረና ስንት እንደቀረ ከሥር ይጽፍላችኋል። 10 ተፈጥሮ 10 ሲቀር ጫኑ። ከዚያ በዚያው መስመር 1200 ወደ ፊት ዘልላችሁ ሁለተኛውን መውጫ ጀምሩ። ሬቪት ክፍተቱን በማረፊያ ይሞላዋል። የማረፊያው ከፍታ 1600 ይሆናል፤ ይህ 10 × 160 ነው።

ማረፊያው ለምን 1.20 ሆነ? ማረፊያ በመሄጃው አቅጣጫ ሲለካ ቢያንስ ከደረጃው ስፋት ማነስ የለበትም የሚለው የተለመደ ልክ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ይዞ ሲወጣ ቆሞ ትንፋሽ መውሰድ የሚችልበት ቦታ ነው። ስፋቱን 1.50 ካደረጋችሁት ማረፊያውም 1.50 ይሁን፣ ጠቅላላው ርዝመትም አብሮ ያድጋል።

በሁለቱም መውጫዎች ላይ `Begin with Riser` እና `End with Riser` ምልክት እንዳላቸው ተመልከቱ። `End with Riser` ከጠፋ መውጫው በራይዘር ሳይሆን በመርገጫ ያልቃል፤ የላይኛው ወለል ጠርዝ አካባቢ ትርፍ መርገጫ ታያላችሁ። ስትጨርሱ ደረጃው ከላይኛው ወለል አልደረሰም ወይም አልፏል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ በመዝጋት አትለፉት። `Desired` እና `Actual` የሚሉትን የራይዘር ቁጥሮች አስተያዩ። ሁለቱም 20 መሆን አለባቸው።

ታዲያ ሥዕሉ ትክክል ከሆነ ሕንፃው ላይ ለምን ይበላሻል?

አሁን ወደ ፎርማኑ ጥያቄ እንመለስ።

ወለል ሁለት ከፍታ አለው። አንዱ የሶሌታው ኮንክሪት ላይ ያለው ነው። ሌላው ሊሾው ገብቶ፣ ማርብሉ ወይም ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ያለው። ሰው የሚራመደው በሁለተኛው ላይ ነው። ደረጃውን የሚሞላው ቡድን ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ማርብሉ ገና አልተገዛም።

በምሳሌያችን የወለሉ ማጠናቀቂያ ከሲሚንቶው ጋር 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መርገጫው ላይ ግን ማርብሉ በቀጭን ሲሚንቶ ስለሚለጠፍ ሁሉም 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል።

ሥዕሉ «20 ራይዘር፣ እያንዳንዱ 16» ብቻ ካለ አናጢው ካሳፎርማውን ሁሉንም 16 አድርጎ ይሠራዋል። ኮንክሪቱ ፍጹም እኩል ይሆናል። ከዚያ ማጠናቀቂያው ይመጣል። ታችኛው ወለል 5 ከፍ ይላል፣ የመጀመሪያው መርገጫ ግን 3 ብቻ። ስለዚህ የመጀመሪያው ራይዘር 16 መሆኑ ቀርቶ 14 ይሆናል። መካከለኞቹ ሁሉም 3 ስለሚጨመርባቸው 16 እንደሆኑ ይቀራሉ። ላይኛው ጫፍ ላይ መርገጫው 3፣ ወለሉ 5 ከፍ ስለሚል የመጨረሻው 18 ይሆናል።

14፣ 16፣ 16… 16፣ 18። ስትወርዱ ወለሉ ቀድሞ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስትወጡ ጫማችሁ የመጨረሻውን የሚመታውም ለዚህ። እግር ሁለት ሦስት መርገጫ ከወጣ በኋላ ቁመቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን አያይም። ብዙ አገሮች መነሻ የሚያደርጉት ዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ በአንድ መውጫ ውስጥ በትልቁና በትንሹ ራይዘር መካከል ከ9.5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አይፈቅድም። የእኛው ምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር ስቷል። ያውም አንድም ሰው በቸልታ ሳይሠራ።

ዝናብ የሚያገኘው ደረጃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የክረምት ጭቃ የያዘ ጫማ፣ የተወለወለ ማርብል፣ ያልተጠበቀ 18 ሳንቲ ሜትር። ደረጃው ለውጭ የተጋለጠ ከሆነ መርገጫው ጠርዝ ላይ ሻካራ መስመር ማስቆረጥን ከማርብሉ ጋር እዘዙ።

በሬቪት ይህን እንዴት እናስተካክለዋለን?

መፍትሔው ማጠናቀቂያውን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ነው። `Level` የምንላቸውን መስመሮች ሁልጊዜ ያለቀ ወለል እናድርጋቸው፤ 3.20ን መጀመሪያ እንዲያ የወሰንነው ለዚህ ነው። የኮንክሪት ሶሌታውን ለብቻው ስለን `Height Offset From Level` ላይ -50 እንጽፋለን። ሶሌታው ከመስመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ከላዩ ማጠናቀቂያው ይተኛል።

ቀጥሎ የደረጃው `Run Type` ውስጥ ገብተን `Treads` የሚለውን ምልክት እናደርጋለን። `Tread Thickness` 30 ይሁን። አሁን ሬቪት ከላይ ያለውን 3 ሳንቲ ሜትር ማርብል፣ ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት አድርጎ ይለያቸዋል። የማረፊያውም ማጠናቀቂያ ከመርገጫው ጋር አንድ ይሁን፤ 3 ሳንቲ ሜትር። ማረፊያው ላይ እንደ ወለሉ 5 ከተነጠፈ ያው ስሕተት ደረጃው መሃል ላይ ይደገማል።

አንድ ነገር ይቀራል። የታችኛው መውጫ መነሻው ባለቀው ወለል ላይ ነው፣ ኮንክሪቱ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ሶሌታውን መንካት አለበት። የመጀመሪያውን መውጫ መርጣችሁ `Extend Below Riser Base` ላይ -50 ጻፉ። ደረጃው አየር ላይ መንሳፈፉ ይቀራል።

አሁን በደረጃው መሃል ሴክሽን ቁረጡና የኮንክሪቱን ቁመት ለኩ። የመጀመሪያው የኮንክሪት ራይዘር 18 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ 18ቱ ሁሉም 16፣ የመጨረሻው 14። ድምሩ 18 + 288 + 14፣ ልክ 320። ኮንክሪቱ እኩል አይደለም። ማርብሉ ሲገባ ግን ሁሉም 16 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፎርማኑ ሥዕሉ ላይ 18 እና 14 ሲያይ «ስሕተት ነው» ብሎ በቅንነት ወደ 16 ሊያርመው ይችላል። ስለዚህ ሴክሽኑ ላይ በአማርኛ ጻፉት፦ «የኮንክሪት ልክ ነው። ወለል ማጠናቀቂያ 5፣ መርገጫና ማረፊያ 3 ሳ.ሜ. ታስቦ የተሰላ።» ይህች አንድ መስመር ከብዙ ሥዕል ትበልጣለች። የስትራክቸር ሥዕሉንም የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ይኸው ቁጥር ለእሱም ይድረስ። እሱ ሁሉንም 16 ብሎ ከሣለ ሳይት ላይ የሚያሸንፈው የእሱ ሥዕል ነው፤ ፌራዮውም አናጢውም የሚከተሉት እሱን ነውና።

የደረጃው ኮንክሪት ውፍረት `Structural Depth` ላይ ይገባል። ቁጥሩን የሚሰጠው የስትራክቸር ኢንጂነሩ ነው።

ራስ እንዳይመታስ?

ይህ ፈጣን ስሌት ነው፣ ግን ይረሳል። የላይኛው ሶሌታ ክፍተት ጠርዝ ላይ ቢም አለ፤ እዚህ ቢም የምንለው ሶሌታውን የሚሸከመውን የኮንክሪት አግዳሚ ነው። ቢሙ ከሶሌታው ጋር 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሥሩ ከፍታ 3.20 ሲቀነስ 0.05 ሲቀነስ 0.40፣ ማለትም 2.75 ሜትር ነው። ከመርገጫ እስከ ቢሙ ሥር 2.10 ሜትር እንዲተርፍ ብንፈልግ ቢሙ ሥር ያለው መርገጫ ከ65 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆን የለበትም። አራተኛው መርገጫ 64 ላይ ነው። አፍንጫው ከመጀመሪያው ራይዘር 90 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ቢሙ ከዚያ ነጥብ አልፎ ወደ ደረጃው መግባት የለበትም። አምስተኛው መርገጫ ላይ ቢደርስ የሚተርፈው 1.95 ብቻ ነው።

መደገፊያው ማረፊያው ላይ ለምን ይሰበራል?

ደረጃውን ስትጨርሱ ሬቪት በሁለቱም ጎን መደገፊያ ያስቀምጣል። በግድግዳው በኩል ያለውን አጥፉት፤ እዚያ ግድግዳው ላይ የሚታሰር የእጅ መያዣ ይበቃል። የቀረውን 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስጡት። ቁመቱ የሚለካው ከመርገጫው አፍንጫ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፣ ከመርገጫው መሃል አይደለም።

አሁን ማረፊያው ላይ ያለውን ሁኔታ በ3ዲ ተመልከቱ። የታችኛው መውጫ መደገፊያ ማረፊያው ጠርዝ ላይ 90 ሆኖ ይደርሳል፤ በዚያው ከፍታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀጥላል። ሁለተኛው መውጫ ሲጀምር ግን ችግር አለ። መደገፊያው ከሁለተኛው መውጫ የመጀመሪያ አፍንጫ 90 መሆን አለበት። ያ አፍንጫ ደግሞ ከማረፊያው 16 ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በዚያ ነጥብ ላይ መደገፊያው ከማረፊያው ሲለካ 106 መሆን አለበት። ከጠፍጣፋው 90 ወደ 106 በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም። ሬቪት ወይ ብረቱን ይሰብረዋል፣ ወይ መደገፊያው ቀጣይ አይደለም ብሎ ያስጠነቅቃል።

መልሱ ተዳፋቱን ቀድሞ ማስጀመር ነው። በምን ያህል? በአንድ መርገጫ ጥልቀት። ተዳፋቱ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ 16 ስለሚወጣ ከራይዘሩ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትሄዱ መደገፊያው ልክ 90 ላይ ይወርዳል። ጠፍጣፋውና ተዳፋቱ እዚያ ይገናኛሉ።

መደገፊያውን መርጣችሁ `Edit Path` ውስጥ ግቡ። ማረፊያው ላይ ያለውን መስመር ሁለተኛው መውጫ ከሚጀምርበት 300 ወደ ኋላ በ`Split Element` ቁረጡት። 1200 የነበረው 900 እና 300 ይሆናል። 900ውን መርጣችሁ ከላይ `Slope` ላይ `Flat` አድርጉት። 300ዋን `Sloped`። ብየዳ የሚሠራውም ሰው ብረቱን የሚያጥፈው እዚያው ነጥብ ላይ ስለሆነ ሴክሽኑ ላይ 30 ሳንቲ ሜትሩን ለክታችሁ ጻፉለት። ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በአጭር ቁራጭ ብረት የተቀጠለ ጉብታ ይህ ልክ ሥዕሉ ላይ ባለመጻፉ የመጣ ነው። እጁን ሳያነሣ የሚወርድ አዛውንት እዚያ ጉብታ ላይ እጁን ይለቃል።

ታችኛው ጫፍ ላይም ያው ሐሳብ ይሠራል። መደገፊያው ከመጀመሪያው ራይዘር አንድ መርገጫ ያህል አልፎ ቢወርድ ሰው የመጨረሻውን ሲረግጥ እጁ ገና ብረቱ ላይ ነው። የ`Top Rail` ዓይነት ውስጥ `Plus Tread Depth` የሚለው ለዚህ ነው። ጫፉ መተላለፊያ ላይ ልብስ እንዳይዝ ወደ ታች ይታጠፍ።

ቋሚዎቹ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተትስ? ልኩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ የማያሳልፍ መሆን ነው፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይገባ። መርገጫችን 30 ነው። በአንድ መርገጫ ሁለት ቋሚ ብታደርጉ ከመሃል እስከ መሃል 15 ይሆናል። ብረቱ 2 ሳንቲ ሜትር አርኤችኤስ ከሆነ 13 ክፍት ይቀራል። ልኩን አያሟላም። ሦስት ብታደርጉ ከመሃል እስከ መሃል 10፣ ክፍተቱ 8። ስለዚህ `Baluster Placement` ውስጥ `Use Baluster Per Tread On Stairs` ምልክት አድርጉና 3 ጻፉ። ጠፍጣፋው ማረፊያ ላይ ያለው ርቀት በሌላ ቅንብር የሚመራ ስለሆነ እዚያም ከመሃል እስከ መሃል 100 መሆኑን አረጋግጡ።

ሞዴሉ የማያየው ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚመጡ።

አንዱ ከደጅ ነው። ደረጃው የሚነሣው ከመንገዱ ዳር ከሆነ የመጀመሪያው ራይዘር የሚለካው ከኮብልስቶኑ ነው። ከተማው መንገዱን ዘግይቶ ሲያነጥፍ መሬቱ ከፍ ይልና የመጀመሪያውን ራይዘር ይውጠዋል። ከቻላችሁ ደረጃውን ከራሳችሁ በረንዳ አስነሡት። ከበረንዳው ወደ መንገዱ ያለውን ልዩነት በራምፕ ጨርሱት፤ ራምፕ ቢስተካከልም ደረጃውን አይነካውም።

ሁለተኛው የባለቤቱ ሐሳብ መለወጥ ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ማርብል ተወደደና ሴራሚክ ይሁን ይባላል። ይቻላል። ግን ኮንክሪቱ የተሞላው በወለሉና በመርገጫው ማጠናቀቂያ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንዳለ ታስቦ ነው። ወለሉ 4 ከሆነ መርገጫው 2 ይሁን። ወለሉ 5 እንዳለ ከቀጠለ መርገጫው ላይ ያለው ቀጭን ሴራሚክ ከሥሩ በሲሚንቶ ተሞልቶ 3 ይድረስ። ማረፊያውም ሁልጊዜ ከመርገጫው እኩል ይሁን። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን፣ ከማረፊያው በላይ ያለውንና የመጨረሻውን መርገጫ ሳይለጥፍ በደረቁ አስቀምጦ ይለካ። ሦስቱም 16 ከሆኑ ይለጥፍ።